የክትትልና ግምገማ ወጪ በለጋሽ የበጀት ቅጽ ውስጥ የት ይቀመጥ? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

የፕሮፖዛል ማስገቢያ ቀን ሲቃረብ የክትትልና ግምገማ በጀት አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው የመጨረሻው ተራ ነው። የፋይናንስ ክፍሉ «አምስት ከመቶ ያዙለት» ይላል፤ የፕሮግራሙ ክፍል የመነሻ ጥናትና የውጭ ገምጋሚ እንደሚያስፈልግ በጽሑፉ ውስጥ ቃል ገብቷል፤ ለጋሹ የላከው የኤክሴል ቅጽ ደግሞ «ክትትልና ግምገማ» የሚል መደብ ጨርሶ የለውም። በዚህ መሀል በጀቱን የሚሞላው ሰው የሚወስነው ውሳኔ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተሩ ፊት ተመልሶ ይመጣል።

ምርጫው በአምስት መንገዶች መካከል ነው። ወጪውን ሁሉ በአንድ ራስ ስር መሰብሰብ ይቻላል። እያንዳንዱን ወጪ እንደ ባሕርይው በደመወዝ፣ በጉዞ፣ በዕቃና በአገልግሎት መደቦች መበተን ይቻላል። መበተንና በተጨማሪ ዓምድ መልሶ ማሰርም አለ። ከጠቅላላው በጀት መቶኛ አስልቶ በጥቅል የሚያስገባ አለ። ከተዘዋዋሪ ወጪ ይሸፈናል ብሎ የሚተወውም አለ።

መለኪያዎቹ

አማራጮቹን በአራት ጥያቄዎች እመዝናቸዋለሁ። የመጀመሪያው የለጋሹ ቅጽ አቀማመጡን ይቀበለዋል ወይ የሚለው ነው፤ ቅጹ ውስጥ የሌለ መደብ መፍጠር ብዙ ጊዜ አይቻልም። ሁለተኛው፣ አንድ ሰው «ለክትትልና ግምገማ በድምሩ ስንት ያዛችሁ?» ቢል በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልስ ይገኛል ወይ? ሦስተኛው በኦዲት ጊዜ ይቆማል ወይ ነው፤ ማለትም እያንዳንዱ ብር ደረሰኝ፣ ውል ወይም የሥራ ሰዓት መዝገብ ሊቀርብለት ይችላል ወይ፣ ሁለት ቦታ የተቆጠረስ የለም ወይ። አራተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፦ በፕሮጀክቱ አጋማሽ የሥልጠና ወይም የነዳጅ ወጪ ሲያልፍ፣ ገንዘቡ ሳይታወቅ ተነሥቶ ወደዚያ እንዳይሄድ የሚጠብቀው ነገር አለ?

እነዚህ ጥያቄዎች ትርጉም የሚኖራቸው ግን የሚቀመጠው ቁጥር አስቀድሞ በትክክል ከተሰላ ነው። ስለዚህ ወደ አማራጮቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ምሳሌ እንሥራ።

ከቅጹ በፊት ስሌቱ

ቀጥተኛ ወጪው 600,000 ዶላር የሆነ፣ 24 ወር የሚቆይ ፕሮጀክት እንውሰድ። ዋጋዎቹ ስሌቱን ለማሳየት የተያዙ ናቸው፤ እናንተ የየራሳችሁን ታስገባላችሁ። አንድ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ አለ፤ የሥራ ጊዜው 60 ከመቶ ለዚህ ፕሮጀክት፣ ቀሪው ለሌላ ነው። ወርኃዊ ደመወዙ 1,000፣ ጥቅማጥቅሙ 200 ነው። 1,200 በ24 ወር በ60 ከመቶ ሲባዛ 17,280 ይሆናል።

የመነሻ ጥናቱ 400 ቤተሰቦችን ይጠይቃል። አንድ መረጃ ሰብሳቢ በቀን አምስት መጠይቅ ቢያጠናቅቅ 80 የሰው ቀን ያስፈልጋል፤ ለ10 ሰብሳቢዎች 8 ቀን ማለት ነው። አብዛኞቹ በጀቶች እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ገንዘቡ የሚያጥረውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰብሳቢዎቹ ሁለት ቀን ይሠለጥናሉ፣ አንድ ቀን መጠይቁን መስክ ላይ ይሞክራሉ፣ በመጀመሪያው ዙር ያልተገኙ ሰዎችን ለማግኘት ደግሞ አንድ የመመለሻ ቀን ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው 8 ሳይሆን 12 ቀን ይያዛል፤ በድምሩ 120 የሰው ቀን። ውሎ አበልን ጨምሮ በቀን 20 ዶላር ሲሰላ 2,400 ነው። ሁለት ተቆጣጣሪዎች ለ12 ቀን በ30 ዶላር 720፣ ሦስት መኪና ለ10 የመስክ ቀን በ80 ዶላር 2,400፣ የሥልጠና አዳራሽ ሁለት ቀን በ75 ዶላር 150። ድምሩ 5,670 ነው።

የማጠቃለያው ጥናት በተመሳሳይ ስፋት ይደገማል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ስለሚካሄድ የዋጋ ንረት 5 ከመቶ ጨምረን 5,954 እንይዛለን። ለመረጃ መሰብሰቢያ 12 ታብሌት በ150 ዶላር 1,800 ይሆናል፤ አንድ ጊዜ ተገዝተው ለሁለቱም ጥናት ያገለግላሉ፤ በማጠቃለያው ጥናት ሥር ዳግም እንዳይያዙ ተጠንቀቁ። በየሩብ ዓመቱ አንድ፣ በጠቅላላው ስምንት የክትትል ጉዞ አለ፤ እያንዳንዱ ለሁለት ሰው የአራት ቀን ውሎ አበል በ35 ዶላር 280 እና የአራት ቀን መኪና 320፣ በአንድ ጉዞ 600፣ በድምሩ 4,800። የውጭ ገምጋሚው 25 የሥራ ቀን በ250 ዶላር እና 1,500 የጉዞ ወጪ፣ በድምሩ 7,750 ይከፈለዋል። ውጤቱን ከማኅበረሰቡና ከአጋሮች ጋር የምንመክርባቸው ሁለት መድረኮች 1,400 ይፈጃሉ።

ሁሉም ሲደመር 44,654 ዶላር ነው፤ ከቀጥተኛው ወጪ 7.4 ከመቶ። በብዙ መመሪያዎች የሚጠቀሰው ልማድ ከ5 እስከ 10 ከመቶ ስለሆነ ቁጥሩ ጤናማ ይመስላል። የባለሙያውን ደመወዝ ስናወጣው ግን ያው ዕቅድ 27,374 ወይም 4.6 ከመቶ ይሆናል። ለጋሹ «ቢያንስ 5 ከመቶ» ካለ፣ ደመወዝ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም የሚለው ማሟላትና አለማሟላትን ይወስናል። ስለዚህ መቶኛ ስትጽፉ ምን እንዳካተታችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር አብራችሁ ጻፉ። የጥሪው ሰነድ ካልገለጸው በጥያቄና መልስ ጊዜው ውስጥ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ማመልከቻው ከገባ በኋላ ግን ጊዜው አልፏል።

አማራጭ አንድ፦ በአንድ ራስ ስር መሰብሰብ

ቅጹ ክፍት ከሆነ፣ ማለትም አመልካቹ መደቦቹን ራሱ የሚሰይምበት ከሆነ፣ ይህ ከሁሉም የጠራው ነው። የ44,654ቱ ዝርዝር በአንድ ቦታ ይታያል፣ ገምጋሚው ከክትትል ዕቅዱ ጋር መስመር በመስመር ያስተያየዋል፣ ገንዘብ ከዚያ ሲነሣም ለሁሉም ይታያል። በክፍት ቅጽ ላይ ሌላ አማራጭ የምመርጥበት ምክንያት የለኝም።

ችግሩ የሚመጣው የባለሙያው ደመወዝ ላይ ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች በሙሉ «ሠራተኛ» በሚለው ራስ ስር ተቀምጠው አንዱ ብቻ ተለይቶ ክትትል ስር ሲገባ፣ የፋይናንስ ክፍሉ የደመወዝ መዝገቡን ከበጀቱ ጋር ለማስታረቅ ይቸገራል። አንዳንዴም ሰውዬው ሁለቱም ጋ ይገኛል፦ በሠራተኛ ራስ ስር በ100 ከመቶ፣ በክትትል ራስ ስር በ60። ይህን ስሕተት ለማግኘት ቀላሉ መንገድ የእያንዳንዱን ሠራተኛ የሥራ ጊዜ ድርሻ በሁሉም ፕሮጀክቶች ላይ ደምሮ ከ100 ማለፍ አለማለፉን ማየት ነው።

አማራጭ ሁለት፦ እንደ ወጪው ባሕርይ መበተን

መደቦቻቸው የተቆለፉ ትልልቅ የለጋሽ ቅጾች የሚጠይቁት ይህንን ነው። ደመወዝ ወደ ደመወዝ፣ ጉዞ ወደ ጉዞ፣ ታብሌት ወደ ዕቃ ይሄዳል። ቅጹ ይቀበለዋል፣ ለሒሳብ መዝገብ ይስማማል፣ ኦዲተሩም ደረሰኙን በሚጠብቀው ቦታ ያገኘዋል።

የሚጎድለው ግን ከባድ ነው። አንዴ ከተበተነ በኋላ ድምሩ ከዓይን ይጠፋል። የክትትል ጉዞው 4,800 ዶላር በሌሎች ጉዞዎች ውስጥ ይቀልጥና አንድ ሰው «ጉዞ በዛ» ብሎ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ይሆናል፤ ምክንያቱም የሥልጠና ጉዞ ተሳታፊ አለው፣ የክትትል ጉዞ ግን ጮኾ የሚከራከርለት የለውም። ይህን የሚያስረዳ ምልክት አለ፦ በአጋማሽ ሪፖርት የጉዞ መደቡ 90 ከመቶ ወጪ ሆኖ ሳለ ከታቀዱት አራት የክትትል ጉዞዎች የተካሄደው አንድ ብቻ ከሆነ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ሄዷል።

አማራጭ ሦስት፦ መበተንና በዓምድ ማሰር

ይህ ሁለተኛውን አማራጭ ወስዶ ጉድለቱን ይሞላል። ለጋሹ የላከው ቅጽ እንዳለ ይቆያል፤ በድርጅቱ የውስጥ ቅጂ ላይ ግን አንድ ዓምድ ይጨመራል። ዓምዱ ከእያንዳንዱ መስመር ስንት ከመቶው የክትትልና ግምገማ እንደሆነ ይይዛል። የመስመሩ ጠቅላላ ዋጋ በ`G` ዓምድ፣ ድርሻው በ`H` ዓምድ ከሆነ ድምሩ በአንድ ቀመር ይወጣል፦

```
=SUMPRODUCT(G5:G80,H5:H80)
```

ባዶ የተተወ የ`H` ሳጥን እንደ ዜሮ ይቆጠራል፤ ስለዚህ የሚሞሉት የሚመለከታቸው መስመሮች ብቻ ናቸው። ለምሳሌ የመኪና ኪራይ በአንድ መስመር 20,000 ተይዞ 7,480ው የጥናትና የክትትል ጉዞ ከሆነ ድርሻው 37.4 ከመቶ ነው።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። የባለሙያው መስመር 17,280 የሚያሳየው 60 ከመቶው አስቀድሞ ተባዝቶ ነው። ለዚህ ፕሮጀክት የሚሠራው በሙሉ ክትትል ስለሆነ በ`H` ዓምድ የሚገባው 100 ከመቶ ነው። 60 ብሎ የሞላ ሰው ሁለት ጊዜ አባዝቶ 10,368 ያገኛል፤ ድምሩ በ6,912 ያንሳል፤ መቶኛውም ከ7.4 ወደ 6.3 ይወርዳል። የሥራ ጊዜ ድርሻና የክትትል ድርሻ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ዓምዱ ብቻውን ግን ለጋሹ ጋ አይደርስም። ስለዚህ ድምሩና የተበተነባቸው መስመሮች ቁጥር በበጀት ማብራሪያው ውስጥ በአንድ አንቀጽ መጻፍ አለበት። አራተኛውን መለኪያ፣ ማለትም ገንዘቡ ሳይታወቅ እንዳይነሣ የሚለውን የሚያሟላው ይህ አንቀጽ ነው። «በመስመር እንዲህና እንዲህ ውስጥ 44,654 ዶላር ለክትትል ተይዟል» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ የቀነሰ ሰው ማስረዳት ይጠበቅበታል። የሒሳብ ሶፍትዌሩ የሥራ ክንውን ኮድ የሚቀበል ከሆነ ለክትትል አንድ ኮድ ከፍታችሁ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እያንዳንዱን የክፍያ ሰነድ በዚያ ምልክት አድርጉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ኋላ ተመልሶ ደረሰኝ መለየት የማይጨረስ ሥራ ነው።

አማራጭ አራት፦ በመቶኛ ጥቅል ማስገባት

«ክትትልና ግምገማ፣ ብዛት 1፣ ዋጋ 30,000» የሚል መስመር ፈጣን ነው፤ ለመከላከል ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ገምጋሚው 30,000 ከየት እንደመጣ ሲጠይቅ «5 ከመቶ ነው» ከማለት ሌላ መልስ የለም። በምሳሌያችን ፕሮጀክት የሚያስፈልገው 44,654 ስለሆነ 14,654 ይጎድላል፤ ያ ደግሞ ሁለቱን ጥናቶችና አንዱን መድረክ አንድ ላይ ይበልጣል። በተጨማሪ ለአንዳንድ ለጋሾች ጥቅል ክፍያ የራሱ ደንብ ያለው፣ አስቀድሞ ስምምነት የሚጠይቅ የክፍያ ዓይነት ነው። የአውሮፓ ኅብረት አንዱ ነው፤ እዚያ በደረሰኝ የሚወራረድን ወጪ በመለኪያ ዓምዱ ላይ «ጥቅል» ብሎ መሙላት በስምምነት ድርድሩ ወቅት ጥያቄ ያስነሣል። መቶኛ የሚጠቅመው ለማመሳከሪያ ነው፦ ከታች ወደ ላይ የተሰላው ድምር 2 ከመቶ ከሆነ የረሳችሁት ነገር አለ፣ 18 ከሆነ ደግሞ ጥናቱ ከፕሮጀክቱ ገዝፏል።

አማራጭ አምስት፦ ለተዘዋዋሪ ወጪ መተው

የተዘዋዋሪ ወጪ ጣሪያው ጠባብ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ትብብር ድጎማ ቢበዛ ከቀጥተኛ ወጪ 7 ከመቶ ይፈቅዳል። በምሳሌያችን 42,000 ዶላር ማለት ነው፤ የክትትል ዕቅዱ ብቻውን ይበልጠዋል፣ ለዋና መሥሪያ ቤት ኪራይና ለሒሳብ ሠራተኛም አንድ ሳንቲም አይተርፍም። የአሜሪካ ፌዴራል ድጎማ ደንብ የተደራደሩበት የተዘዋዋሪ ወጪ መጠን ለሌላቸው ድርጅቶች የሚፈቅደው መነሻ መጠን ከጥቅምት 2024 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ ከ10 ወደ 15 ከመቶ ከፍ ብሏል። ያም ቢሆን ይህ ደንብ የመረጃና የግምገማ ወጪን የሚፈቀድ ወጪ ብሎ በግልጽ ስለጠቀሰው፣ ፕሮጀክቱን ብቻ የሚያገለግለውን ወደ ተዘዋዋሪ የሚያስጠጋ ምክንያት የለም።

አንድ ልዩ ሁኔታ አለ። የክትትል ኃላፊዋ በዋናው መሥሪያ ቤት ተቀምጣ ለድርጅቱ ሁሉ የምታገለግልና ደመወዟም በተዘዋዋሪ ወጪ ስሌት ውስጥ አስቀድሞ የተካተተ ከሆነ፣ ለዚሁ አገልግሎት በቀጥተኛ ወጪ ዳግም ማስከፈል አይቻልም። ለተመሳሳይ ዓላማ የወጣ ወጪ በአንዱ ቦታ ተዘዋዋሪ፣ በሌላው ቀጥተኛ መሆን አይችልም። ከመወሰናችሁ በፊት የፋይናንስ ክፍሉን የሚከተለውን ጠይቁ፦ የእርሷ ደመወዝ አሁን በየትኛው ቋት ነው?

በሦስት የታወቁ ቅጾች ላይ

አማራጭ ሁለትና ሦስትን የመረጠ ሰው ቀጣዩ ጥያቄ «የቱ ወዴት ይሄዳል?» ነው። ሦስቱ ቅጾች ለአንድ ዕቃ ሦስት መልስ ይሰጣሉ።

| ወጪ | የአውሮፓ ኅብረት ቅጽ | የአሜሪካ SF-424A | የተባበሩት መንግሥታት የጋራ መደቦች |
|---|---|---|---|
| የክትትል ባለሙያ | 1 (የሰው ኃይል) | ደመወዝና ጥቅማጥቅም ተለያይተው | 1 (ሠራተኛ) |
| የክትትል ጉዞ ውሎ አበል | 1.3 | ጉዞ | 5 (ጉዞ) |
| ታብሌት | 3 (መሣሪያና አቅርቦት) | አቅርቦት | 3 (መሣሪያ) |
| በውል የሚሠራ ጥናት | 5.2 | ውል | 4 (የውል አገልግሎት) |
| የውጭ ገምጋሚ | 5.4 | ውል | 4 (የውል አገልግሎት) |
| የምክክር መድረክ | 5.7 | ሌላ | 7 (ጠቅላላ ሥራ ማስኬጃ) |

ታብሌቱን ተመልከቱ። በአሜሪካው ደንብ «መሣሪያ» ለመባል የአንዱ ዋጋ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ከ2024 ማሻሻያ በፊት 5,000 ነበር። ዋጋው የሚለካው በነጠላ እንጂ በድምር ስላልሆነ 12 ታብሌት ቢገዛም አቅርቦት ነው። ይህ ልዩነት ከስም በላይ ነው፤ በዚያ ደንብ መሣሪያ ከተዘዋዋሪ ወጪ ማስያ መሠረት ይወጣል፣ አቅርቦት ግን ይቆጠራል። ታብሌቱን በስሕተት መሣሪያ ስር ያስገባ ድርጅት በ1,800ው ላይ ሊያገኝ የሚገባውን 15 ከመቶ፣ ማለትም 270 ዶላር ያጣል።

ባለሙያው ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የአሜሪካው ቅጽ ደመወዝና ጥቅማጥቅምን በተለያየ መስመር ስለሚጠይቅ 17,280ው 14,400 እና 2,880 ሆኖ ይከፈላል። የገምጋሚው 1,500 የጉዞ ወጪ ደግሞ ወደ ጉዞ መደብ አይሄድም፤ እዚያ የሚገባው የራስ ሠራተኛ ጉዞ ነው፣ የገምጋሚው ከውሉ ጋር ይቆያል። በተባበሩት መንግሥታት መደቦች ግን ጉዞ የሚለው ሠራተኛ ያልሆኑ ሰዎችንም ይይዛል። ገምጋሚው በአንድ የውል ዋጋ ጉዞውን ችሎ ከሆነ በውል አገልግሎት ይቀመጣል፤ ቲኬቱን ድርጅቱ በቀጥታ ከገዛ ጉዞ ነው። ሁለቱንም መያዝ ድርብ ወጪ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው የመነሻ ጥናቱ ነው፤ ቦታውን የሚወስነው ማን እንደሚያካሂደው ነውና። በአውሮፓ ኅብረት ቅጽ አምስተኛው ራስ የሚፈቀደው ሥራው ሙሉ በሙሉ ለሌላ በውል ሲሰጥ ብቻ ነው። ድርጅቱ ጥናቱን በራሱ ሰዎች ከሠራ 5.2 መስመር ላይ «የመነሻ ጥናት 5,670» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው፤ የሰብሳቢዎቹና የተቆጣጣሪዎቹ ክፍያ 3,120 ወደ ራስ 1፣ መኪናው 2,400 ወደ ራስ 2 ይሄዳል፣ አዳራሹ ግን ከውጭ የተከራየ በመሆኑ 150ው ራስ 5 ውስጥ ይቀራል። በዚህ አካሄድ የምሳሌያችን 44,654 እንዲህ ይደላደላል፦ ራስ 1 ላይ 25,916፣ ራስ 2 ላይ 7,480፣ ራስ 3 ላይ 1,800፣ ራስ 5 ላይ 9,458። ጥናቶቹን በውል የተቀጠረ የውጭ ድርጅት ከሠራቸው ደግሞ ሁሉም ወደ 5.2 ይሰበሰባሉ፤ ዋጋው ግን 11,624 አይሆንም፤ የውጭው ድርጅት የራሱን ክትትል፣ ትንተናና ትርፍ ይጨምርበታል። ስለዚህ «በራሳችን ወይስ በውል» የሚለው ጥያቄ በጀቱ ከመሞላቱ በፊት መልስ ይፈልጋል። መሀል ላይ ሐሳብ መለወጥ ከራስ ወደ ራስ ገንዘብ ማዘዋወር ነው፤ በዚህ ቅጽ ከአንዱ ራስ እስከ 25 ከመቶ ድረስ ያለ ስምምነት ማሻሻያ ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ግን ማሻሻያ ይጠይቃል።

ያው የ25 ከመቶ ነጻነት ክትትልን የሚያሳሳውም ነው። ራስ 5 ውስጥ ከግምገማ ወደ ስብሰባ ማዞር ራስ ስለማያሻግር ማንንም አያስጠይቅም። ቅጹ ሁለተኛ ገጽ ላይ ለየመስመሩ ማብራሪያና የዋጋ ማስረጃ የሚጻፍበት ቦታ አለው፤ በአማራጭ ሦስት ያልኩት አንቀጽ የሚገባው እዚያ ነው።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የተቆለፈ ቅጽ ይቀበለዋል? | ድምሩ ይታያል? | በኦዲት ይቆማል? | ከመሸራረፍ ይጠበቃል? |
|---|---|---|---|---|
| 1. በአንድ ራስ | አብዛኛውን ጊዜ አይደለም | አዎ | አዎ፣ ደመወዝ ካልተደገመ | በደንብ |
| 2. መበተን | አዎ | አይደለም | አዎ | አይደለም |
| 3. በትኖ ማሰር | አዎ | አዎ | አዎ | ማብራሪያው ከተጻፈ |
| 4. በመቶኛ ጥቅል | አልፎ አልፎ | አዎ፣ ያለ ዝርዝር | በጣም አስቸጋሪ | በከፊል |
| 5. ተዘዋዋሪ | አዎ | አይደለም | ለጋራ ሠራተኛ ብቻ | አይደለም |

ለማን የትኛው?

በጀታችሁ ትንሽ፣ ቅጹም ክፍት ከሆነ አማራጭ አንድን ውሰዱ። በጠቅላላው 40,000 ዶላር ያለው ፕሮጀክት 7,750 የሚያስከፍል የውጭ ገምጋሚ መሸከም አይችልም፤ በጀቱን አምስተኛውን ያህል ይወስዳል። ከዚያ ይልቅ 400 ቤተሰብ የሚጠይቀውን ጥናት አሳንሱ፣ ከተጠቃሚዎች ጋር የሚደረግ ቡድን ውይይትና አንድ የማጠቃለያ መድረክ ያዙ፤ ለጋሹ ገምጋሚ በግድ የሚጠይቅ ከሆነም ዋጋው ከዋናው በጀት በላይ እንዲታከል ጠይቁ።

መካከለኛና ትልቅ በጀት በተቆለፈ ቅጽ ለምትሠሩ አማራጭ ሦስት ነው። አንድ ዓምድ ለመጨመርና አንድ አንቀጽ ለመጻፍ የሚወስደው ግማሽ ቀን በሁለት ዓመት ውስጥ በየሪፖርቱ ይመለሳል።

የክትትል ባለሙያው በሁለትና ሦስት ለጋሾች የሚከፈለው ከሆነ ደግሞ ከበጀት አቀማመጡ እኩል የሥራ ሰዓት መዝገቡ ወሳኝ ነው። በጀቱ 60 ከመቶ ስላለ ብቻ በየወሩ 60 ከመቶ ማስከፈል አይበቃም፤ ኦዲተሩ የሚፈልገው በዚያ ወር በትክክል የሠራውን ነው። የመነሻ ጥናት ባለበት ወር 90፣ ጸጥ ባለው ወር 40 ሊሆን ይችላል።

ጊዜ ያጠራችሁና ነገ ማስገባት ያለባችሁ ደግሞ ቢያንስ ሦስቱን ትልልቅ ነገሮች፣ ማለትም ባለሙያውን፣ ጥናቶቹንና ገምጋሚውን በዝርዝር አስሉ፤ ቀሪውን ከእነርሱ ላይ ተመርኩዞ መገመት ይቻላል። በምሳሌያችን እነዚህ ሦስቱ ከ44,654ቱ ውስጥ 36,654ቱን ይይዛሉ።

በየትኛውም አማራጭ ከማስገባታችሁ በፊት ከበጀቱ ጎን የጊዜ ሰሌዳውን ዘርግታችሁ ሁለት ቀኖችን አረጋግጡ። የመነሻ ጥናቱ ከለጋሹ ጋር ያለው ስምምነት ከመፈረሙ በፊት እንዲካሄድ የተያዘ ከሆነ፣ ያለ ቅድመ ፈቃድ ወጪው ተቀባይነት አያገኝም። የመጨረሻው ግምገማ ደግሞ ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ የሚካሄድ ከሆነ መልሱ እንደ ለጋሹ ይለያያል፦ የአውሮፓ ኅብረት የመጨረሻ ግምገማና የወጪ ማረጋገጫ ወጪ ከትግበራው ጊዜ በኋላም እንዲወጣ ይፈቅዳል፤ በአሜሪካው ፌዴራል ድጎማ ግን ሥራው በስምምነቱ ዘመን ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ለ24 ወር ፕሮጀክት የማጠቃለያ ጥናቱ መስክ ሥራ በ21ኛው ወር፣ የገምጋሚው ረቂቅ በ23ኛው ወር እንዲደርስ አድርጎ ማቀድ ለሁለቱም ይሠራል።